አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር፦ ባለ ሱቋና የእቁብ ዕጣዋ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቁጠባ ኮሚቴው ለአባላት ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ የአንዲት ባለ ሱቅ ታሪክ ነው። ስሟን አንጠራም። ሱቋ መንደር ውስጥ ያለች፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታና ሻማ የምትሸጥ፣ ሁላችንም የምናውቃት ዓይነት ሱቅ ናት። ይህች እህት ዕጣዋን ሁለት ጊዜ ሸጣለች፤ ሁለቱንም ጊዜ የሸጠችው በ1,500 ብር ነው። መጀመሪያ የሸጠችበት ዋጋ በጣም ርካሽ ነበር። በሁለተኛው ግን ጥሩ ዋጋ አገኘች። ዋጋው አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የወለድ ወለድ የሚባለውን ነገር የተማረችው ይህን ጥያቄ ስትመልስ ነው። እኛም ሒሳቡን ከደብተሯ አይተን ነው የምንነግራችሁ።

በመጀመሪያ እቁቡን እንወቀው። እቁብተኞቹ 12 ሴቶች ናቸው። እያንዳንዷ በወር 2,000 ብር ትጥላለች፤ ስለዚህ በየወሩ ለባለ ዕጣዋ 24,000 ብር ይደርሳታል። እቁቡ በመስከረም ተጀምሮ በነሐሴ ያልቃል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የወጣላት ሴት ዋስ ሳትጠራ ገንዘብ አትወስድም። ጸሐፊዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል።

እቁብ ወለድ የለውም። በዓመቱ 24,000 ብር ትጥያለሽ፣ 24,000 ብር ትወስጃለሽ። መጀመሪያ የወሰደችውም መጨረሻ የወሰደችውም እኩል ናቸው። እንዲህ ከሆነ ታዲያ ዕጣ ሲወጣ ልባችን ለምን ይመታል? ሁሉም ሰው መጀመሪያ እንዲደርሰው ለምን ይፈልጋል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሦስተኛው ወር ዕጣ የወጣላት ሴት እስከዚያ የጣለችው 6,000 ብር ብቻ ነው። የቀረውን 18,000 ብር ያበደሯት ገና ያልደረሳቸው እህቶቿ ናቸው፤ እሷ በየወሩ 2,000 ብር እየጣለች ትመልስላቸዋለች። መጨረሻ ላይ የሚደርሳት ሴት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስታበድር ቆይታለች። ስለዚህ በእቁብ ውስጥ ዕጣ የሚያከፋፍለን ገንዘቡን አይደለም፤ ገንዘቡ ለሁላችንም እኩል ነው። የሚያከፋፍለን ጊዜን ነው።

አሁን ወደ ባለ ሱቋ እንመለስ። በመጀመሪያው ዙር ዕጣዋ በኅዳር ወጣ፤ ሦስተኛዋ ባለ ዕጣ ሆነች ማለት ነው። ገንዘቡ ገና እጇ ሳይገባ አንዲት እቁብተኛ መጣችና፣ «እህቴ፣ የቤት ኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈይ ተብዬ ተጨንቄአለሁ። ዕጣሽን ሽጪልኝ፤ 1,500 ብር እሰጥሻለሁ» አለቻት። ባለ ሱቋ አሰበች። ገንዘቡ የትም አይሄድም፣ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሰኛል፣ 1,500 ብር ደግሞ በነጻ አገኛለሁ ብላ እሺ አለች። ገዢዋ ዋስ ጠራች፣ ዳኛዋም መዘገቡ። ባለ ሱቋ ተመልሳ ዕጣ ውስጥ ገባችና በግንቦት ወጣላት። በመካከሉ ስድስት ወር ጠበቀች።

በግንቦት 24,000 ብሩን ስትቀበል አንድ ብልህ ነገር አደረገች። ገንዘቡን ከሱቁ ገንዘብ ጋር አልቀላቀለችውም። ከጅምላ አከፋፋይ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ገዝታ በአንድ መደርደሪያ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው፤ ደብተርም ለይታ ከፈተችለት። ከዚያ መደርደሪያ የተሸጠውን ሁሉ መዘገበች፤ የጋሪውንና የኪራዩን ድርሻም ቀነሰች። በወሩ መጨረሻ ዕቃውን መልሳ ተክታ ስታየው 1,200 ብር ተርፏታል። ከ100 ብር 5 ብር ማለት ነው። በሰኔ 1,200፣ በሐምሌ 1,200፣ በነሐሴም 1,200 ብር ሆነ። ይህን ትርፍ በየወሩ እያነሳች ለቤት አስቤዛ አዋለችው። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ግን እንደ ጥንቱ የ24,000 ብር ነው።

በመስከረም አዲሱ ዙር ሲጀመር እትዬ መዋጮ ሊሰበስቡ ሱቋ መጡ። ባለ ሱቋ ደብተሩን አሳየቻቸው።

«እትዬ፣ ይህን ቢያዩልኝ። በወር 1,200 ብር አገኛለሁ። ባለፈው ዕጣዬን ባልሸጥ ኖሮ በስድስቱ ወር 7,200 ብር አገኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ግን በ1,500 ብር ሸጥኩት።»

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን አዩና፣ «ከዚያም ይበልጣል፣ የኔ ልጅ» አሏት።

«እንዴት ይበልጣል? ስድስት ጊዜ 1,200 እኮ 7,200 ነው።»

«ትርፉን በየወሩ አንስተሽ ቤት ከወሰድሽው ልክ ነሽ። ትርፉን እዚያው መደርደሪያ ላይ ብትተይውስ? ላም ወለደች እንበል። ጥጃዋን ከሸጥሻት ሁልጊዜ አንድ ላም ብቻ ነው ያለሽ። ካሳደግሻት ግን ጥጃዋም ትወልዳለች። ወለድ መባሉስ ከመውለድ አይደል?»

ከዚያም በደብተሩ ጀርባ ላይ ጻፉላት። እኛም እንደጻፉት እናንብብላችሁ። ቀስ ብላችሁ ተከተሉን፤ የሚያስፈልገው ማባዛትና መደመር ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ወር 24,000 ብር 1,200 ይወልዳል፤ 25,200 ይሆናል። በሁለተኛው ወር የሚሠራው 24,000 ሳይሆን 25,200 ነው። የዚህ 5 በመቶ 1,260 ስለሆነ 26,460 ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በሁለተኛው ወር 60 ብር የጨመረችው ከየት መጣች? በመጀመሪያው ወር የተገኘችው 1,200 ብር ራሷ የወለደቻት ናት። የወለድ ወለድ የሚባለው ይህች 60 ብር ናት፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። በሦስተኛው ወር 27,783፣ በአራተኛው 29,172፣ በአምስተኛው 30,631፣ በስድስተኛው 32,162 ብር ይሆናል።

ከ32,162 ላይ ዋናውን 24,000 ስንቀንስ 8,162 ብር ይቀራል። ትርፉ በየወሩ ቢነሳ 7,200 ነበር። ልዩነቱ 962 ብር ነው። ይህን 962 ብር ዋናው ገንዘብ አልወለደውም፤ ልጆቹ ናቸው የወለዱት። ልዩነቱ ደግሞ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ይሰፋል። በ12 ወር ትርፉን እያነሳች ብትሄድ የምታገኘው 14,400 ብር ነው። ሳታነሳ ብትቆይ ግን ገንዘቡ 43,101 ስለሚደርስ ትርፉ 19,101 ይሆናል። በስድስት ወር 962 ብር የነበረው ልዩነት በዓመት 4,701 ሆነ። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ ወደ አምስት እጥፍ ተጠጋ።

ከመካከላችሁ «መዋጮውስ? በየወሩ 2,000 ብር ትጥል የለም ወይ?» የምትል ትኖራለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዕጣዋን ብትሸጥም ባትሸጥም መዋጮው ያው ነው፤ ባለ ሱቋም የምትጥለው ከሌላው የሱቅ ገቢዋ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን መንገዶች ስናወዳድር መዋጮው ሚዛኑን አይለውጠውም። መዋጮውን ከዚያው ከእቁቡ ገንዘብ ላይ የሚከፍል ሰው ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ባለ ሱቋ ሒሳቡን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ «እንግዲህ 8,162 ብር የሚያወጣውን በ1,500 ሰጠሁት ማለት ነው?» አለች። እትዬ የመለሱላት ይህንን ነው፤ «ለእህትሽ ውለታ ውለሻል፣ ውለታ መዋል ደግ ነው። ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነበር። ነገር ግን ውለታሽ ስንት ብር እንደሆነ አውቀሽ ዋዪው። ሳታውቂው ሲቀር ውለታም አይባል፣ ሽያጭም አይባል።»

ከመስከረም ጀምሮ ባለ ሱቋ ትርፉን ማንሳት አቆመች። የአስቤዛውን ቀዳዳ በሌላ ሸፈነችው። በመስከረም መጨረሻ 25,200፣ በጥቅምት 26,460፣ በኅዳር 27,783 ብር ሆነ። ልክ እትዬ እንደጻፉት ሄደ። በታኅሣሥ 1,389 ብር ትጠብቅ ነበር። ያገኘችው 890 ብር ብቻ ሆነ።

መጀመሪያ የሰረቃት ሰው ያለ መሰላት። እትዬ ግን መደርደሪያውን በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩት። ፓስታውና ሳሙናው አቧራ ለብሷል። ካለፈው ወር ያልተሸጠ የ6,000 ብር ዕቃ ተገኘ። ከዚያ የዱቤ ደብተሩን አስወጧት፤ ሰፈሩ ላይ ያልተሰበሰበ የ4,000 ብር ዱቤ አለ። ከ27,783 ብር ላይ 10,000 ብሩ አልሠራም ማለት ነው። የሠራው 17,783 ብር ብቻ ነው፤ የዚህ 5 በመቶ ደግሞ 889 ብር ከሣንቲም ነው። ሌባ አልነበረም። ሒሳቡም አልተሳሳተም። ከገንዘቡ ከሦስት አንዱ በላይ ተኝቶ ነበር።

የወለድ ወለድ በወረቀት ላይ ማቆሚያ የለውም። በሱቅ ውስጥ ግን አለው። ሰፈሩ በወር የሚበላው ስኳር የታወቀ ነው። ሱቋ ሁለት እጥፍ ስኳር ስላስገባች ጎረቤቶቿ ሁለት እጥፍ ስኳር አይበሉም። ገንዘቡ ሰፈሩ ከሚገዛው ሲያልፍ፣ የተጨመረው ብር ልጅ መውለዱን ትቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህን የምናውቅበት ምልክት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዕቃው አቧራ ይይዛል ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው ማለቂያ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ የዱቤው ደብተር ከሽያጩ ይልቅ ቶሎ ይሞላል፤ አንዳንዴ ዕቃው የሄደ የሚመስለን በዱቤ ስለምንሰጠው ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ እያደገ ትርፉ ባለበት ይቆማል ወይም ይቀንሳል። ባለ ሱቋ ሦስቱንም አይታለች። ዱቤውን ለነባር ደንበኞች ብቻ፣ ያውም በወር አንድ ጊዜ በሚዘጋ ልክ ወሰነችው። የተኛውን ሳሙናና ፓስታ በገዛችበት ዋጋ ሸጣ ጨረሰችው። በዚያ መደርደሪያም ከ25,000 ብር በላይ ዕቃ እንዳይገባ ወሰነች፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ትርፉ እንደሚተኛ ደብተሯ ነግሯታልና።

ወሩ ጥር ሆነ። በአዲሱ ዙር ዕጣዋ በአምስተኛው ወር ወጣ። አሁንም አንዲት እቁብተኛ ልጇን ለማሳከም ገንዘብ ቸኩላ ነበርና ዕጣውን እንድትሸጥላት ጠየቀቻት። ያቀረበችው ዋጋ ያው 1,500 ብር ነው። ባለ ሱቋ በዚህ ጊዜ ወዲያው እሺም እምቢም አላለችም። «እስከ ነገ ታገሺኝ» ብላ ደብተሯን ይዛ እትዬ ዘንድ ሄደች።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሱቁ ሞልቷል፤ አዲስ 24,000 ብር ብታስገባ ይተኛል። ስለዚህ ገንዘቡን ዛሬ ብትቀበል የምታስቀምጠው ባንክ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አድርጎታል፤ የእሷም የቁጠባ ደብተር የሚያስብላት በዓመት 7 በመቶ ነው። ዕጣው ቢዘገይባት ቢዘገይባት እስከ ነሐሴ ነው፤ ሰባት ወር። 24,000 ብር በሰባት ወር ባንክ ውስጥ የሚወልደው ወደ 1,000 ብር ገደማ ነው። ገዢዋ የምትሰጣት ግን 1,500 ነው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ መሸጡ ይሻላታል።

ልብ በሉ፤ ዕጣው ያው ነው፣ ብሩም ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው። የተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ገንዘቡ እጇ ቢገባ የት ሄዶ ምን ይወልዳል የሚለው። በኅዳር ቦታ ነበረው፣ በወር ከመቶ አምስት ይወልድ ነበር። በጥር ቦታው ሞልቷል። የዕጣ ዋጋ በዳኛዋ ወይም በሰፈሩ ልማድ ብቻ አይወሰንም። እያንዳንዷ ሴት የራሷ ዋጋ አላት፤ የምታገኘውም ከራሷ ደብተር ነው።

እትዬ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቋት። ዕጣዋን የሸጠች ሴት ገንዘቧን እስከ መጨረሻ ሌሎች ዘንድ ታቆያለች። ቀድማ የወሰደች አንዷ መዋጮ ብታቆም፣ የምትጎዳው ገና ያልደረሳት ናት። ስለዚህ የገዢዋን ዋስ ማንነት ሳታይ እንዳትሸጥ ነገሯት። ዋሷ ደመወዝተኛ እንደሆነች፣ ለሌላ እቁብተኛም ዋስ እንዳልሆነች አረጋገጠች። ከዚያ ሸጠች። ዕጣዋ በነሐሴ ደረሳት።

አሁን የተውነውን ጥያቄ እናንሳ። መዋጮውን ከእቁቡ ገንዘብ ላይ የምትከፍል ሴት ምን ይደርስባታል? ይህም እዚያው እቁብ ውስጥ ታይቷል። አንዲት እቁብተኛ በሦስተኛው ወር 24,000 ብር ወስዳ የከሰልና የማገዶ ንግድ ጀመረች። ሌላ ገቢ የላትም። በወር ከመቶ አምስት ታተርፋለች እንበል፤ የቀረውን ዘጠኝ መዋጮም ከዚያው ትከፍላለች።

በመጀመሪያው ወር 1,200 አተረፈች፣ 2,000 ከፈለች፤ ገንዘቧ በ800 ቀንሶ 23,200 ሆነ። በሁለተኛው ወር የሚሠራው ገንዘብ ስላነሰ ትርፉም አንሶ 1,160 ሆነ፤ ስለዚህ በ840 ቀነሰ። በሦስተኛው ወር በ882 ቀነሰ። አያችሁ? መቀነሱ ራሱ በየወሩ ከመቶ አምስት እያደገ ነው። ይህም የወለድ ወለድ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ቁልቁል የሚወርድ የወለድ ወለድ። በዘጠነኛው ወር የቀነሰው 1,182 ብር ነው፤ የመጨረሻውን መዋጮ ስትከፍል እጇ ላይ የቀረው 15,179 ብር ገደማ ነው።

ይህች ሴት ከሰረች ወይ? አልከሰረችም። ከራሷ ኪስ የጣለችው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወሮች 6,000 ብር ብቻ ነው፤ ዕዳዋን ሁሉ ከፍላ 15,179 ብር አላት። የእህቶቿ ገንዘብ ሠርቶላታል። ችግሩ የሚመጣው 24,000 ብሩን የራሷ ነው ብላ ስታስብ ነው። እንዲያ ስታስብ ትርፉን ለቤት ታነሳለች። ትርፉን ካነሳች ግን ገንዘቡ በየወሩ ሙሉ 2,000 ይቀንሳል፤ በዘጠነኛው ወር የሚተርፋት 6,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ ያውም የራሷ የነበረው። ቀድማ ዕጣ የወጣላት ሴት ሁሉ በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ትጻፍ፦ የራሴ ይህን ያህል፣ የእህቶቼ ይህን ያህል። በሦስተኛው ወር 6,000 እና 18,000 ነው። በየወሩ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው 2,000 ታሸጋግራለች።

አንድ ነገር ብቻ ጨምረን እናበቃለን፤ እሱም የዋጋ ነገር ነው። ብር ጨመረ ማለት ሀብት ጨመረ ማለት አይደለም። ለምሳሌ የአንድ ካርቶን ሳሙና የጅምላ ዋጋ 1,000 ብር ቢሆን 24,000 ብር 24 ካርቶን ይገዛል። በወሩ መጨረሻ 25,200 ብር ያዝሽ እንበል፤ አተረፍኩ ትያለሽ። ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ስትሄጂ ግን ካርቶኑ 1,100 ብር ገብቷል። 25,200 ብር አሁን 22 ካርቶን ገዝቶ 1,000 ብር ይተርፈዋል፤ አንድ ካርቶን እንኳ አይሞላም። ብሩ ጨመረ፣ ሳሙናው ቀነሰ። ስለዚህ ባለ ሱቋ አሁን በደብተሯ ውስጥ ከብሩ ጎን ካርቶኑንና ጀሪካኑንም ትጽፋለች። ካርቶኑ ካልጨመረ ትርፉን ቤት አትወስድም፤ የምትወስደው ትርፍ ሳይሆን ዕቃዋን ራሱን ነውና። የባንክ ቁጠባንም በዚሁ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ 7 በመቶ የምትወልድ ገንዘብ በብር እየጨመረች በዕቃ ትቀንስ ነበር። ባንክ ገንዘብን ከሌባና ከራሳችን እጅ ይጠብቅልናል፤ በወለዱ ላይም ወለድ ያስብልናል። ከዋጋ ንረት ግን ብቻውን አይጠብቀውም።

ለአባላት እንዲረዳ እትዬ የሚጠቀሙባትን አቋራጭ እንስጣችሁ። ገንዘብ ሳይነካ በስንት ጊዜ እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ 72ን ለወለዱ አካፍሉት። በዓመት 7 በመቶ ከሆነ 72 ሲካፈል ለ7 ወደ 10 ዓመት ይመጣል። በወር 5 በመቶ ከሆነ 14 ወር ከግማሽ ገደማ ነው። ዕዳም በዚያው ይለካል። በወር 10 በመቶ አራጣ የተበደረች ሴት ምንም ካልከፈለችና ወለዱ በዕዳው ላይ ከተደመረባት፣ ዕዳዋ በሰባት ወር ገደማ እጥፍ ይሆናል። 10,000 ብር በዓመት 31,384 ይደርሳል። ዕጣ የሚገዛ ሰው ለ1,500 ብር የማይቸኩለው አራጣውን ሲያወዳድር ነው፤ ለተቸገረች እህት ዕጣ መግዛት ከአራጣ እጅግ የቀለለ መንገድ ነው።

በመጪው መስከረም የማኅበራችን እቁብ አዲስ ዙር ይጀምራል። ኮሚቴው የወሰነው ይህንን ነው። ዕጣ የሚሸጥ ሁሉ ሽያጩ በጸሐፊዋ መዝገብ ይሰፍራል፤ ዋጋው፣ ወሩና የገዢዋ ዋስ ይጻፋሉ። ሻጭና ገዢ ከመስማማታቸው በፊት ከኮሚቴው አንዷ ጋር ተቀምጠው ሒሳቡን ይሠራሉ። ማንንም እንዳትሸጥ ወይም እንዳትገዛ አንከለክልም፤ ሁለቱም የሚሰጡትንና የሚቀበሉትን አውቀው እንዲጨባበጡ ነው። ለዚህ የሚሆን ደብተር አራት መስመር ይበቃዋል፦ በወሩ መጀመሪያ የነበረው ገንዘብ፣ የተገኘው ትርፍ፣ ቤት የተወሰደው፣ በወሩ መጨረሻ መደርደሪያ ላይ የተቆጠረው ዕቃ። የባለ ሱቋን ደብተር ለምሳሌ እንዲሆን በፈቃዷ ገልብጠነዋል፤ ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛው ላይ ታገኙታላችሁ።